በሞክሼ ስም የታገደ አካውንት፦ ለባንኩ ምን ብለው ይጽፋሉ?

አገር ቤት ያለ አካውንትዎ ሳያስቡት ታገደ እንበል። ባንኩ በራሱ ላያግደው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት፣ ከገቢዎች ወይም ከፖሊስ ደብዳቤ ደርሶት ነው። ደብዳቤው ላይ ስም ከነአባትና አያት ብቻ ካለ ደግሞ ሞክሼዎ ባለዕዳ ሆኖ እርስዎ ሊታገዱ ይችላሉ።

ወኪልዎ ቅርንጫፉ ሄዶ ቢጠይቅ መልሱ «ከላይ ነው የመጣው» ይሆናል። እዚያ ላይ እንዳይመለስ። ማን አገደ? በስንት ቁጥር ደብዳቤ? መቼ? የመዝገብ ቁጥሩስ? እነዚህን ይዞ ይምጣ። ውክልናው ላይ የባንክ ጉዳይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን የሚያናግረው አያገኝም።

ከዚያ ይህን ይጻፉ፦

ቀን ______
ለ______ ባንክ ______ ቅርንጫፍ

ጉዳዩ፦ በስህተት የታገደ ሂሳብ እንዲለቀቅና ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

የሂሳብ ቁጥሬ ______ ከ______ ጀምሮ ታግዷል። በቃል እንደተነገረኝ እግዱ የተጣለው በ______ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር ______ በተሰጠ ትእዛዝ ነው። በትእዛዙ የተጠቀሰው ሰው እኔ አይደለሁም፤ የምንገናኘው በስም ብቻ ነው። የፋይዳ ቁጥሬን፣ የእናቴን ስምና የትውልድ ዘመኔን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዣለሁ።

ስለዚህ ማንነቴ ከትእዛዙ ጋር ተመሳክሮ እግዱ እንዲነሳልኝ፣ ባንኩ በራሱ ማንሳት ካልቻለም ትእዛዙን ለሰጠው አካል ጽፎ እንዲያጣራልኝ እጠይቃለሁ። በሁለቱም መንገድ ምክንያቱ፣ ያዘዘው አካል፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን እንዲሁም የታገደው የገንዘብ መጠን በጽሑፍ ይሰጠኝ።

ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎት

ደብዳቤው ላይ ገንዘቡን እንዴት እንዳገኙት፣ ስንት ዓመት እንደለፉበት አይተርኩ። ጥያቄው የገንዘቡ ሳይሆን የማንነትዎ ነው። ብዙ ማብራሪያ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ወኪልዎ ሁለት ኮፒ ይዞ ይሂድ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያደርጋል፤ ሌላው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጎ ይመለሳል። ያ ኮፒ ከሌለ «ደብዳቤ አልደረሰንም» መባል አይቀርም።

የፍርድ ቤት ትእዛዝን ባንኩ በራሱ ሥልጣን ሊሽረው አይችልም። ስለዚህ የጽሑፍ ምክንያቱ ያስፈልግዎታል፦ የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ትእዛዙን ወደሰጠው ችሎት በጠበቃ አቤቱታ ያቀርባሉ። በፍርድ አፈጻጸም የተያዘ ንብረት ከሆነ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 418 ጀምሮ የሚያስተናግደው መቃወሚያ አለ። ባንኩ ዝም ካለ ደግሞ መጀመሪያ የራሱን የቅሬታ ክፍል ይሂዱ፤ ከዚያ ለብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ክፍል ማመልከት ይቻላል።

ከተለቀቀ በኋላ የመልቀቂያውን ደብዳቤ ኮፒ ይያዙ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለብዙ ባንኮች በአንድ ጊዜ ስለሚላክ፣ በሌላ ባንክ ያለዎትም ታግዶ እንደሆነ ያስጠይቁ።