ካሜራው ጠፍቶ ባትሪው እንዴት አለቀ?

ማታ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ፣ ሚረርለስ ካሜራዬን አጥፍቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ሳበራው 70 ከመቶ ይላል። አንድም ፎቶ አላነሳሁም! ባትሪው አርጅቷል ብዬ አዲስ ልገዛ ነበር።

ከመግዛቴ በፊት ግን ባትሪውን እንደገና ሞልቼ፣ ከካሜራው አውጥቼ አሳደርኩት። ጠዋት ስመልሰው ያው ሙሉ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም፤ ሌሊቱን የሚበላው ካሜራው ነው። በማግስቱ ባትሪውን ውስጥ ትቼ «Airplane Mode»ን አበራሁ። አሁንም ምንም አልቀነሰም። ሌባው ተያዘ፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ ነው።

ብዙ ካሜራዎች ቢጠፉም ከስልክ ጋር በብሉቱዝ እንደተገናኙ ያድራሉ። ብሉቱዝ ብቻውን ብዙ አይበላም። የሚጎዳው ካሜራው ጠፍቶ ሳለ ፎቶ ወደ ስልክ እንዲልክ የሚፈቅደው ምርጫ ነው። ስልኩ በጠራው ቁጥር ዋይፋይ ይነሳል፤ ዋይፋይ ደግሞ ባትሪ ይግጣል። ሜኑ ውስጥ ገብቼ ያንን ምርጫ ብቻ ዘጋሁት። ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ከስልኩ ስለምወስድ ብሉቱዙን ተውኩት።

ባትሪው እየሠራችሁ ሳለ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሚረርለስ ካሜራ የምታዩት ሁሉ ከሴንሰሩ የሚመጣ ምስል ነው። ፎቶ ባታነሱም ሴንሰሩና ስክሪኑ ይሠራሉ። ስለዚህ ያነሳችሁትን ፎቶ ሳይሆን ካሜራው በርቶ የቆየበትን ደቂቃ ቁጠሩ። በየመሃሉ እንደበራ አንገት ላይ ከተንጠለጠለ 50 ፎቶ ሳይሞላም ባትሪው ሊገባደድ ይችላል።

መጀመሪያ ካሜራው በራሱ የሚተኛበትን ጊዜ ወደ 1 ደቂቃ አውርዱት። የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ስትጫኑት ይነቃል። ቀጥሎ የስክሪኑን ብርሃን እዩ። ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጋችሁት ረስታችሁት ይሆናል፤ እኔ ሁሌ እረሳለሁ።

ስክሪኑን ትቶ በቪውፋይንደር ማየት ባትሪ ይቆጥባል የሚባለውን ግን አትመኑ። ቪውፋይንደሩም ትንሽ ስክሪን ነው፤ በብዙ ካሜራዎች እንዲያውም የበለጠ ይበላል። በሰከንድ 120 ምስል እንዲያሳይ ተደርጎ ከሆነ ወደ 60 መልሱት። ሌላም ጉድ አለ፤ አጠገቡ ያለችው ዓይን ጠቋሚ ሸሚዝና ዓይን አትለይም። ካሜራው ደረት ላይ ሲያርፍ ዓይን የመጣ መስሏት ቪውፋይንደሩን ታበራለች። ስትራመዱ ካሜራውን አጥፉት።

ሌሊት ከካሜራው ወጥቶ ያደረው ባትሪ ራሱ ከጎደለ፣ ወይም ቁጥሩ ከ40 በአንዴ ወደ 5 ከዘለለ፣ ያኔ በእርግጥም አርጅቷል። አዲስ ግዙ።