ሴፕቲክ ታንክ ከማስቆፈርዎ በፊት አፈሩን በውኃ ይፈትሹ

ጅማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሴፕቲክ ታንክ ሲነሳ ቶሎ የሚጠይቀው የብሎኬትና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ታንኩ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ማስረጊያ ጉድጓድ ነው። ታንኩ ደለሉን ያስቀራል፤ ውኃውን የሚውጠው አፈሩ ነው። አፈሩ እምቢ ካለ ፍሳሹ ሐምሌ ላይ ግቢ ውስጥ ይወጣል።

ስለዚህ አፈሩን ይፈትሹ። ማስረጊያው በሚሆንበት ቦታ ጥቁሩን የላይ አፈር አልፈው ቀዩ ጋ ይድረሱ። እዚያ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲሜትር የሆነ ትንሽ ጉድጓድ ያውጡ። ዶማ የሸክላ አፈርን ልክ እንደ ልስን ያለሰልሰዋል፤ ግድግዳውን በቢላ ጫር ጫር ያድርጉት። ከዚያ ውኃ ይሙሉ፤ እየጨመሩ ያሳድሩት። ይህን ሌሊት መዝለል ራስን መሸወድ ነው። በበጋ አፈሩ ስለሚሰነጠቅ የመጀመሪያው ውኃ በስንጥቁ ጥርግ ብሎ ይገባል። አፈሩ ሲርስ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ትክክለኛው ልክ የሚታየው ያኔ ነው።

በማግስቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ውኃ ጨምረው በማስመሪያ ይለኩ። 2.5 ሳንቲሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ ቦታውን ይተዉት።

ስድስት ሰው የሚኖርበትን ቤት እንውሰድ። እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ቢያፈስ 360 ሊትር ነው። ውኃው በ20 ደቂቃ ገደማ 2.5 ሳንቲሜትር ከወረደ፣ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በቀን 20 ሊትር ይውጣል ብሎ ማስላት ደህና ነው። 18 ካሬ ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል ማለት ነው። ወለሉ ቶሎ ስለሚደፈን አይቆጠርም። ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ዙሪያው 6.3 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከቱቦው መግቢያ በታች 3 ሜትር ገደማ ይቆፈራል።

ግን ነሐሴ ላይ በሰፈሩ የውኃ ጉድጓዶች ውኃው የት እንደሚደርስ ጎረቤት ይጠይቁ። የማስረጊያው ወለል ከዚያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በቦዬ በኩል እንዳሉት ረባዳ ቦታዎች ውኃው ቅርብ ከሆነ ጉድጓዱን ወደ ታች አያስረዝሙ፤ በጠጠር የተሞላ፣ ጥልቀት የሌለው ረጅም ቦይ ይሻላል። ከሚጠጣ ውኃ ጉድጓድ፣ የራስዎም ሆነ የጎረቤት፣ 30 ሜትር ይራቁ።

ታንኩን በተመለከተ ለዚህ ቤተሰብ 3 ሜትር ኩብ ይበቃል። ሁለት ክፍል ይኑረው፤ የመጀመሪያው ሁለት እጅ፣ ሁለተኛው አንድ እጅ። መግቢያውና መውጫው ላይ ቲ ቱቦ ይግባ፤ አለዚያ የተንሳፈፈው ቅባት አልፎ ማስረጊያውን ይደፍነዋል። ታንኩ በደንብ ይለሰን። የማስረጊያው ግድግዳ ግን አይለሰንም፤ ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ ይደረደራል። ግንበኛው «ላጠንክርልህ» ቢል እንኳ እሺ አይበሉ።

የጣሪያ ውኃ ወደዚህ መስመር በፍጹም አይግባ። የታንኩን ክዳን ደግሞ የመምጠጫ መኪናው ቱቦ በሚደርስበት፣ በውጭው በር በኩል ያድርጉት።