ከአሜሪካ ለቤተሰብ ገንዘብ በአፕ ሲላክ፦ ክፍያውን ሳይሆን የሚደርሰውን ብር እዩ

«ያለ ምንም ክፍያ ይላኩ» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ ዳያስፖራ ያለ አይመስለኝም። እኔም ለረጅም ጊዜ አፕ የምመርጠው በዚህ ነበር። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ደወለችና «ልጄ፣ የጎረቤቴ ልጅ አንተ የላክኸውን ያህል ዶላር ልኮ እሷ ጋ የደረሰው ብር ግን ይበልጣል፤ ምንድን ነው ነገሩ?» አለችኝ። ሁለታችንም የላክነው 200 ዶላር ነበር። እሱ የመላኪያ ከፍሏል፤ እኔ ምንም አልከፈልኩም።

ነገሩ ያለው ምንዛሬው ላይ ነው። ላኪው ድርጅት ከመላኪያ ክፍያ ባያገኝ ከምንዛሬ ልዩነት ያገኛል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ በአንድ ቀን እንኳ ከአፕ አፕ ዋጋው ይለያያል።

1. ሁለት ሦስት አፕ ከፍታችሁ አወዳድሩ

ሬሚትሊ፣ ዌስተርን ዩኒየን፣ ሰንድዌቭ፣ ታፕታፕ ሴንድ፣ የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም። ከካርዳችሁ እንዲወጣ የምትፈልጉትን ጠቅላላ ዶላር ያዙ። ከዚያ እያንዳንዱ አፕ ላይ መላኪያው ተቀንሶ እዚያ ስንት ብር እንደሚደርስ እዩ። የምታወዳድሩት ይህንን አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን ቁጥሮቹን እኔ ላውጣ። የመጀመሪያው አፕ መላኪያ አያስከፍልም፤ ዶላሩን በ150 ብር ይመነዝራል። ሁለተኛው 4 ዶላር ያስከፍላል፤ ምንዛሬው ግን 154 ብር ነው። 200 ዶላር ስታወጡ በመጀመሪያው 30,000 ብር ይደርሳል። በሁለተኛው 196ቱ ዶላር በ154 ሲመነዘር 30,184 ብር ይሆናል። ክፍያ ያለው በለጠ ማለት ነው።

500 ዶላር ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል፦ 75,000 ብር በ76,384። 50 ዶላር ብቻ ከሆነ ግን ይገለበጣል። የመጀመሪያው 7,500 ብር ሲያደርስ ሁለተኛው 7,084 ብቻ ነው። መላኪያው ገንዘቡን ብታበዙት ብታሳንሱት ያው 4 ዶላር ነው፤ የምንዛሬው ልዩነት ግን ከገንዘቡ ጋር ያድጋል። ስለዚህ ለቡና መግዣ የሚላክና ለቤት ኪራይ የሚላክ በአንድ አፕ መሄድ የለበትም።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ብዙ አፖች ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ከፍ ያለ ምንዛሬ ይሰጣሉ። ያንን አይታችሁ «ይሄ ነው ምርጡ» ብላችሁ ብትቀመጡ ሁለተኛው ወር ላይ ዋጋው ወርዶ ታገኙታላችሁ። ማወዳደሩ በላካችሁ ቁጥር ነው፤ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

2. ገንዘቡ የት ይግባ?

ይህንን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ባንክ ቅርብ ከሆነና ገንዘቡ ብዙ ከሆነ የባንክ ሂሳብ ይሻላል። ከተማው ራቅ ካለ ቴሌብር ወይም ኤም-ፔሳ ይመቻል፤ ሰፈር ያለ ወኪል ጋ ሄዶ ማውጣት ይቻላል። ግን ትንሽ ከተማ ያለ ወኪል 30,000 ብር ጥሬ ገንዘብ በእጁ ላይኖረው ይችላል። አክስቴ በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ተመላልሳለች። ወጪ ሲደረግ የወኪል ክፍያ እንዳለ፣ ዋሌቱም እንደ ደረጃው መያዝ የሚችለው የገንዘብ ጣሪያ እንዳለው አትርሱ። አንዳንድ አፕ ላይ ደግሞ ምንዛሬው ራሱ ለባንክና ለቴሌብር ይለያያል፤ ሁለቱንም እየቀያየራችሁ እዩት።

3. ስሙ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ገንዘብ ሲንጠለጠል ከማውቃቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው። አፑ ስምና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ ጋ ያለው ግን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። አጻጻፉም አንድ አይደለም። ፀሐይ `Tsehay`፣ `Tsehai`፣ `Tsehaye` ተብሎ ይጻፋል። እኔ በጆሮዬ እንደመጣልኝ ጽፌ ልኬ አክስቴ ባንክ ስትሄድ መታወቂያዋ ላይ ያለው በአንድ ፊደል ተለየ ተብሎ ባዶ እጇን ተመልሳለች።

መፍትሔው ቀላል ነው። የባንክ ደብተሩን ወይም የፋይዳ መታወቂያውን ፎቶ አስልኩና ፊደል በፊደል ገልብጡ። የአያት ስም ካለበት እሱንም ጨምሩ።

በቴሌብር ከሆነ ሌላ ጉድ አለ። የብዙ አዛውንቶች ሲም ካርድ የወጣው በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ስም ነው። እናንተ የእናታችሁን ስም ስትሞሉ ዋሌቱ የወንድማችሁ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ያለ ሰው ቴሌብሩን ከፍቶ ለዚያ ቁጥር ገንዘብ ሊልክ ሲል የባለቤቱ ስም ይመጣለታል። ሳይልክ ስሙን አይቶ ይንገራችሁ። አዲስ ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ 10 ዶላር ልኩ፤ መድረሱን ስታረጋግጡ ቀሪውን። የተሳሳተ ቁጥር ላይ የገባ ገንዘብን ማስመለስ አሰልቺ ነው።

4. በምን ትከፍላላችሁ?

በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሂሳብ ክፈሉ። ከባንክ ሂሳብ ሲሆን አንዳንዴ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ግን ዋጋው ሊሻል ይችላል። ክሬዲት ካርድ ግን ተዉት። ካርዱን የሰጠው ባንክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ሊቆጥረውና ከዚያው ቀን ጀምሮ ወለድ ሊያስብበት ይችላል፤ አፑ ላይ ይሄ አይታይም። ሱቅ ሄዳችሁ በጥሬ ገንዘብ የምትልኩ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 1 በመቶ የፌደራል ታክስ አለባችሁ። በአሜሪካ ባንክ ዴቢት ካርድ የሚከፈለውን ይህ ታክስ አይነካውም።

ስሙን የማታውቁት አፕ ከሆነ `NMLS Consumer Access` በሚባለው ድረ ገጽ ፈቃድ እንዳለው ፈልጉ። በሰው በሰው የሚላከው ምንዛሬው ቢያጓጓም ሰውየው ስልኩን ሲያጠፋ ደረሰኝ የላችሁም፤ የምትከሱበትም የለም።

5. ከላካችሁ በኋላ

ደረሰኙን አስቀምጡ። አሜሪካ ውስጥ ከከፈላችሁበት ጊዜ ጀምሮ 30 ደቂቃ አላችሁ፤ ተቀባዩ ካልወሰደው ወይም ሂሳቡ ውስጥ ካልገባ ሰርዛችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። እንግዲህ ስሙን ደግማችሁ የምታዩት በዚህ ሰዓት ነው። ይደርሳል በተባለበት ቀን ሳይደርስ ከቀረ ስህተቱን ለድርጅቱ ለማመልከት 180 ቀን ይሰጣችኋል።

ተቀባዩም የሚያደርገው አለ። አክስቴን ያስተማርኳት ይህንን ነው። «ብር ገብቶልሻል» የሚል መልእክት ሲመጣ መልእክቱን አትመኚ፤ `*127#` ደውለሽ የቴሌብር ቀሪ ሂሳብሽን እዪ። ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ «በስህተት ልኬልሽ ነው፣ መልሽልኝ» ካለሽ ዝጊው። የሚስጥር ቁጥርሽን የሚጠይቅ ሁሉ፣ ከቴሌ ነኝ ቢልም፣ ሌባ ነው። እኔም በበኩሌ በቴሌግራም «ቶሎ ላክልኝ፣ ቁጥሬ ተቀይሯል» የሚል ከመጣ በድሮው ቁጥር ደውዬ ድምፅዋን ሳልሰማ አልልክም።