ዙም ላይ መስማት የተሳነው ሰውና አስተርጓሚው ከስክሪን እንዳይጠፉ ምን እናድርግ?

ዙም በራሱ ትልቅ አድርጎ የሚያሳየው ድምፅ የሚያወጣውን ሰው ነው፣ ምልክት ቋንቋ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ መስማት የተሳናት መምህርት በእጇ እያወራች ስክሪኑን የሚይዘው በድምፅ የሚያስተረጉምላት ሰው ይሆናል፣ እሷ ጥግ ላይ ትቀራለች።

እንበል ስብሰባውን የሚመራው ሆስትና አስተርጓሚው ደብረ ብርሃን ናቸው፣ መምህርቷ ከሸዋ ሮቢት በስልክ ገብታለች። ሆስቱ የአስተርጓሚው ቪዲዮ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Spotlight for Everyone ይላል፣ ከዛ መምህርቷ ላይ Add Spotlight ይጨምራል፣ አሁን ማንም ቢያወራ ሁለቱ ለሁሉም ትልቅ ሆነው ይቆያሉ። ይሄን ማድረግ የሚችለው ሆስት ወይም ኮ-ሆስት ብቻ ነው፣ ቢያንስ የሦስት ሰው ካሜራም መከፈት አለበት። ምርጫው አልመጣልህም? መጀመሪያ ካሜራዎቹን ቁጠር። ሆስቱ ራሱ የሚያወራ ከሆነ ግን ይሄን ሥራ ለኮ-ሆስት ይስጠው፣ እያወሩ ይሄን መከታተል አይቻልም።

ፒን ሌላ ነው፣ Pin ያልከው አንተ ስክሪን ላይ ብቻ ነው የሚታየው። መምህርቷ ማንንም ሳታስፈቅድ አስተርጓሚውን ፒን ማድረግ ትችላለች፣ ግን ሌላው ሰው እሷን እንዲያያት ከፈለግን ስፖትላይት ነው የሚያስፈልገው።

ሼር ስክሪን ሲከፈት ደግሞ ቪዲዮዎቹ ያንሳሉ፣ በስልክ በተለይ የአስተርጓሚው ጣት አይለይም። ስላይዱን አስቀድማችሁ በቴሌግራም ላኩላት፣ ሼር ያደረጋችሁትንም አይታችሁ እንደጨረሳችሁ ዝጉት። አስተርጓሚውንና ስላይዱን በአንድ ጊዜ እኩል ማየት አትችልም፣ ስለዚህ ስላይዱን የምታይበት ጊዜ ስጧት።

ካፕሽን በአማርኛ ከፈለጋችሁ አንድ ፈጣን ታይፕ የሚያደርግ ሰው መድቡ፣ ሆስቱ ከካፕሽን ሴቲንግ በእጅ የሚጻፈውን ከፍቶ ለዛ ሰው ይመድብለታል። ስም፣ ቁጥርና ቀን ላይ በጣም ይረዳል። አስተርጓሚውን ግን አይተካም፣ በምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው የአማርኛ ጽሑፍ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋ ሊሆን ይችላል፣ በዛ ላይ ካፕሽኑ እየሮጠ ያልፈዋል።

አስተርጓሚው መስኮት ከጀርባው አያድርግ፣ ፊቱ ይጨልማል፣ ፊት ደግሞ የምልክት ቋንቋው አካል ነው። ከወገቡ እስከ ራሱ በላይ ይታይ፣ ክርኑ ሲዘረጋ ከፍሬም አይውጣ። ቨርቹዋል ባክግራውንድ ይጥፋ፣ ጣት ይበላል።

ሰው ከመግባቱ በፊት ሦስታችሁ ቀድማችሁ ግቡና አስተርጓሚው አንድ ስም በጣት ፊደል ይጻፍላት፣ መምህርቷ ያነበበችውን ቻት ላይ ትጻፍ። ከተሳሳተ ወይ ብርሃኑ ወይ ኔትወርኩ ነው። ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ስብሰባው ሲጀመር የሌሎቹን ካሜራ አስጠፉ፣ የሆስቱ፣ የአስተርጓሚውና የሷ ግን ይቆይ።