ሰነድ ወደ ሩሲያ ሲላክ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ማን ምን ያረጋግጣል?

ለማስተርስ ወደ ሩሲያ የሚሄድ ሰው ዲፕሎማውንና ትራንስክሪፕቱን ማኅተም በማኅተም አድርጎ ያቀርባል። ሆኖም ሰነዱ ይመለስበታል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ማኅተም አንሶ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ነው።

አስቀድሞ ማስተርጎም። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ ብንናገረውም አልቀረም። ሰዉ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ሰነዱን መጀመሪያ ያስተረጉማል፣ ከዚያ በዋናው ላይ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚመታ ማረጋገጫ፣ ያስመታል። ውጤቱ፣ ትርጉሙ ስለ አፖስቲሉ አንዲት ቃል የሌለው ወረቀት ይሆናል። አፖስቲሉ የሰነዱ አካል ስለሆነ አብሮ መተርጎም አለበት፦ አሥሩም ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ ላይ የተጻፈው ሁሉ። «እዚህ ክብ ማኅተም አለ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ በማኅተሙ ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ ካለ ይተረጎማል።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይደረባል። ሰነዱ በወጣበት አገር ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ቢተረጉመውም፣ መሐላው የሚሠራው በዚያው አገር ሕግ ነው። በሩሲያ እንዲህ ያለ የመሐላ ተርጓሚ ሥርዓት የለም። የዚያ ተርጓሚ ወይም የአገሩ ኖተሪ፣ ማለትም የሰነድ አረጋጋጭ፣ ፊርማ ለሩሲያ ራሱን የቻለ የውጭ ሰነድ ስለሚሆን፣ ለብቻው አፖስቲል ሊጠየቅበት ይችላል። አንዱን ዲፕሎማ ሁለት ጊዜ ማስመታት ማለት ነው።

ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ሰነዱ በወጣበት አገር ለዚህ የተሰየመው መሥሪያ ቤት አፖስቲሉን ይመታል። ሩሲያ የሌላ አገር ዲፕሎማ ላይ አፖስቲል አትመታም፤ ስለዚህ ይህን ሳይጨርሱ መሄድ ችግሩን አብሮ መውሰድ ነው። ሩሲያ ከተደረሰ በኋላ ተርጓሚው ሁሉንም ይተረጉምና ኖተሪ ፊት ቀርቦ ይፈርማል። ኖተሪው ትርጉሙን ከሰነዱ ወይም ከኮፒው ጋር በክር ይሰፋል፣ ገጾቹን ይቆጥራል፣ ማሰሪያው ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል። ክሩ ከተፈታ ማረጋገጫው ዋጋ ያጣል፤ «ስካን ላድርገው» ብሎ መበተን አይቻልም።

ኖተሪው ትርጉሙን ያረጋገጠ ይመስላል። ኖተሪው ሁለቱንም ቋንቋ ካወቀ የትርጉሙን ትክክለኛነት ራሱ ያረጋግጣል፤ ይህ ግን ብዙ አይገጥምም። በተለመደው አሠራር የሚያረጋግጠው የተርጓሚውን ፊርማ ብቻ ነው። ትርጉሙ ስህተት ቢኖረው ኖተሪው አላነበበውም። አፖስቲልም እንዲሁ ነው፤ የፈራሚውን ፊርማ፣ የሥራ ኃላፊነቱንና ማኅተሙን እንጂ ዲፕሎማው ውስጥ የተጻፈው እውነት መሆኑን አይመሰክርም።

አፖስቲሉን በኮፒው ላይ ማስመታት። በኖተሪ የተረጋገጠ ኮፒ ላይ የተመታ አፖስቲል የሚያረጋግጠው የኖተሪውን ፊርማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማውን ስለመስጠቱ ምንም አይልም። አንዳንድ ተቀባይ ይህን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ደግሞ በዋናው ላይ ካልሆነ አይልም። ከማስመታት በፊት ተቀባዩን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትራንስክሪፕቱም የራሱ ፊርማና ማኅተም ካለው ለብቻው ይመታል።

አፖስቲል የትም ይሠራል ብሎ ማሰብ። አፖስቲል የመጣው ከ1961 የሄግ ስምምነት ነው። ሩሲያ ላይ ስምምነቱ የጸናው በግንቦት 31 ቀን 1992 ነው፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰነዱን የሰጠው አገር አባል ካልሆነ አፖስቲል የሚባል ነገር የለም። ያኔ መንገዱ የቆንስላ ማረጋገጫ ነው፦ የአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጣል፣ ከዚያ የተቀባዩ አገር ቆንስላ ይከተላል። ሁለቱም አባል ቢሆኑ እንኳ፣ ነባር አባል አዲስ የገባውን ተቃውሞ ከሆነ ስምምነቱ በሁለቱ መካከል አይሠራም፤ የሄግ ጉባኤ የአባላት ሰንጠረዥ ይህን ያሳያል። በተቃራኒው ሩሲያ ከአንዳንድ አገሮች ጋር ባላት የፍርድ ትብብር ውል ምክንያት አፖስቲልም የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። ውሉን ሳያዩ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

ስሙን በየወረቀቱ በተለያየ አጻጻፍ ማስተርጎም። ሩሲያኛ እንደ «ሀ» ያለ ድምፅ ስለሌለው ሄለን በአንዱ ሰነድ «ኼለን»፣ በሌላው «ጌለን» ሆና ትወጣለች፤ ለመዝጋቢው ሁለት ሰው ናት። የመጀመሪያው የተረጋገጠ ትርጉም (አብዛኛውን ጊዜ የፓስፖርቱ) ወይም ቪዛው ላይ ያለው አጻጻፍ ለሁሉም ተርጓሚ ይሰጥ። ፓስፖርት ላይ አፖስቲል አይጠየቅም፤ በኖተሪ የተረጋገጠ ትርጉም ይበቃዋል።

ላሚኔት ማድረግ። ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይመታም። አዲስ ሰነድ ማውጣት ነው።

የቆንስላ ወረቀት ላይ አፖስቲል መፈለግ። ስምምነቱ የዲፕሎማቲክና የቆንስላ ባለሥልጣናት የፈጸሟቸውን ሰነዶች በግልጽ አግልሏል። ውክልና የሚያስፈልገው ሰው በሩሲያ ቆንስላ ፊት በሩሲያኛ ከፈረመ፣ ቆንስሉ እንደ ሩሲያ ኖተሪ ስለሚያረጋግጠው አፖስቲልም ትርጉምም አያስፈልገውም።

አፖስቲሉን የዲፕሎማ እውቅና አድርጎ መቁጠር። የትምህርት ማስረጃን አቻነት የሚወስነው ሌላ አካል ነው፤ ማመልከቻውም ክፍያውም የተለየ ነው። እውቅናው ያስፈልግ እንደሆነና እስከ መቼ መቅረብ እንዳለበት የሚነግረው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ነው።