ልምድዎ ከሥራው ሲበልጥ ለጀማሪ መደብ እንዴት ማመልከት ይቻላል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲወጣ ሲቪ ይዞ የሚመጣው አዲስ ተመራቂ ብቻ አይደለም። አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት የሠሩ ሰዎችም ያመለክታሉ። ብዙዎቹ ግን ለፈተና እንኳን ሳይጠሩ ይቀራሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሰውየው ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሥራ ሁለት ዓመት ልምድ ያላት፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት አዲስ አበባ የፋይናንስ ኃላፊ ሆና የሠራች ሴት ናት እንበል። ወላጆቿን ለመርዳት ወደ ደሴ ተመልሳለች። አሁን ኮምቦልቻ ላለ አንድ ፋብሪካ ለጀማሪ መደብ ታመለክታለች።

መጀመሪያ፣ ቀጣሪው ምን እንደሚያስብ ይወቁ። የሰው ኃይል ባለሙያው ሲቪዋን ሲያነብ "ጎበዝ ናት" ማለቱ አይቀርም። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል፦ የተሻለ ሥራ ስታገኝ ጥላን ትሄዳለች። ስጋቱ መሠረት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። እሷ በሦስተኛው ወር ብትሄድ ማስታወቂያውም፣ ፈተናውም፣ ማለማመዱም እንደ አዲስ ይጀመራል። ከዚያ ደመወዙ ያንሳታል ወይ፣ በዕድሜ ከምታንሳት አለቃ ትእዛዝ ትቀበላለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ወረቀቱ ላይ ካጣው ደውሎ አያጣራም፤ ወደሚቀጥለው ሲቪ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ መልሱን ማመልከቻው ላይ ያስቀምጡ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ሲቪ የሠሩትን ይናገራል እንጂ ለምን ዝቅ ብለው እንዳመለከቱ አይናገርም። የእሷ ማመልከቻ እንዲህ ቢጀምር ጥሩ ነው፦

"ወደ ደሴ የተመለስኩት ወላጆቼን ለመርዳት ነው፤ ኑሮዬም እዚሁ ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት የፋይናንስ ኃላፊ ነበርኩ። አሁን የምፈልገው በማስታወቂያችሁ ላይ ያለውን የቫውቸር ምዝገባና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ሥራ ነው። ሁለቱንም በፒችትሪ በእጄ ስሠራ ቆይቻለሁ። በማስታወቂያው የተጠቀሰው ደመወዝ ይስማማኛል።"

አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር የመልቀቁንና የደመወዙን ጥያቄ መለሰ፤ የአለቃውን ጥያቄ በቃለ መጠይቁ ይመልሱታል። ምክንያቱ እውነተኛና ሊጣራ የሚችል ይሁን። "ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ" ብለው ግን አይጻፉ፤ አንባቢው የሚረዳው ሌላ ቦታ እስኪያገኙ መጠለያ እንደፈለጉ ነው። ደመወዙ "በስምምነት" ከተባለ ደግሞ "ለመደቡ በተያዘው እስኬል እስማማለሁ" ይበሉ።

ሦስተኛ፣ ሲቪውን ያስተካክሉ እንጂ አይደብቁ። አንዳንዱ ሰው የኃላፊነት ዓመታቱን ቆርጦ ያወጣል። ይህን አልመክርም። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ መደቡና ቀኑ ተጽፏል። ቆርጠው ያወጡት አምስት ዓመት "የት ነበሩ?" የሚል የባሰ ጥያቄ ያመጣል። ይልቅ የኃላፊነቱን መደብና ዓመት በአንድ መስመር ያስቀምጡ። ሥር የሚዘረዝሩት ማስታወቂያው የጠየቀውን ይሁን። "የስምንት ሰው ቡድን መርቻለሁ" የሚለው ወርዶ "የወሩን የባንክ ሒሳብ አስታርቄ እዘጋ ነበር" የሚለው ከላይ ይምጣ።

አራተኛ፣ ለቃለ መጠይቁ ይዘጋጁ። "አለቃዎ ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ ቢሆንስ?" መባልዎ አይቀርም። "ችግር የለብኝም" ብቻውን ሰው አያሳምንም። ከዚህ በፊት ከእርስዎ ያነሰ ልምድ ያለው ሰው የወሰነውን ተቀብለው የሠሩበትን አንድ ጊዜ ይንገሩ። በሌላ በኩል፣ ሳይጠየቁ የድርጅቱን አሠራር ማረም አይጀምሩ። በቅንነት ቢናገሩትም አለቃው የሚሰማው ቦታዬን ልትወስድ መጣች የሚለውን ነው። ነዋሪነትዎ ደሴ ከሆነ የሐረጎን መንገድ በየቀኑ እንዴት እንደሚመላለሱ፣ ሰርቪስ ከሌለም በምን እንደሚደርሱ አስበውበት ይግቡ።

ማስታወቂያው "0 ዓመት፣ ለአዲስ ተመራቂ" ካለ ግን ይለፉት። ቦታው ለተመራቂ ታስቦ ስለተያዘ የቱንም ያህል ጥሩ ማመልከቻ አይከፍተውም።

ከላኩ በኋላ ችግሩ የት እንዳለ የሚያሳይ ምልክት አለ። ደውለው በመጀመሪያ ስለ ደመወዝ ከጠየቁዎት ማመልከቻዎ ላይ ደመወዙ በግልጽ አልተቀመጠም ማለት ነው። ቃለ መጠይቁ በሙሉ ስለ ኃላፊነት ዘመንዎ ከሆነ ደግሞ ሲቪዎ አሁንም የኃላፊ ሲቪ ነው፤ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ሦስተኛውን እርምጃ እንደገና ይሥሩት።