ጥቁሩ ሳጥን አልሸፈነውም

ባሕር ዳር ቤት ያከራየሁበትን ውል ጎረቤቴ ጋሼ «ለናሙና ላክልኝ» አሉኝ። የተከራዩን የፋይዳ ቁጥር፣ ስልክና አድራሻ ፒዲኤፉ ላይ በጥቁር ሳጥን ሸፈንኩ። ከመላኬ በፊት ግን መስመሩን ኮፒ አድርጌ ኖትፓድ ላይ ለጠፍኩት። ቁጥሩ ቁጭ! ለካ ሳጥኑ ከላይ የተደረበ ሥዕል ነው፤ ጽሑፉ ከሥሩ አለ።

ወደ ዎርዱ ተመለስኩ። ቁጥሮቹንና አድራሻውን አጥፍቼ በቦታቸው «[ስልክ]»፣ «[የፋይዳ ቁጥር]»፣ «[አድራሻ]» ብዬ ጻፍኩና እንደገና ፒዲኤፍ አደረግኩት። 09 ብዬ ስፈልግ ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ሲል የስልኩን መጨረሻ 4 አሃዞች ፈለግኩ፤ ገጽ 2 ላይ በ+251 የተጻፈ አምልጦኛል፤ እሱንም አጠፋሁት። የፋይሉ ስምም የተከራዩ ስም ነበር፤ ቀየርኩት። የኪራዩን ዋጋና የማስጠንቀቂያ ጊዜውን አልነካሁም፤ ጋሼ የፈለጉት እሱን ነው።